የአሳ ወጥ ቪዲዮ ዲስክሪፕሽን፦ ግብዓቱ፣ ደቂቃው፣ ቁልፍ ቃሉ እንዴት ይጻፍ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ነኝ። እህቴ የቤት ምግብ የምታሳይበት የዩቲዩብ ቻናል አላት። እሷ ትሠራለች፣ እኔ እቀርጻለሁ። ከቪዲዮው ስር ያለውን ጽሑፍ የምጽፈውም እኔ ነኝ።

አቋሜን ላስቀድም። የምግብ ቪዲዮ ዲስክሪፕሽን መጠኑ የተጻፈ ግብዓት ከሌለው፣ የትኛው ሥራ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ካልተናገረ፣ ሰው ሲፈልግ የሚጽፈውን ቃል ካልያዘ ባዶ ነው። ብዙዎቻችን ግን እዚያ ቦታ ላይ ሰላምታና ሰብስክራይብ አድርጉ ብቻ ጽፈን እናልፋለን። ተመልካቹ በርበሬው ስንት ማንኪያ ነው ብሎ ኮመንት ላይ ይጠይቃል፣ መልስ የሚያገኘው በማግስቱ ነው፣ ወጡ ግን ዛሬ ነው የሚሠራው።

ጥያቄዬ ደግሞ ይሄ ነው። የሽሮና የምስር ቪዲዮዎቹ ላይ የጻፍኳቸው ሰዓቶች ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ፣ ሲነኩ ወደ ቦታው ይወስዳሉ፣ ከታች ያለው መስመርም በምዕራፍ ተከፋፍሏል። አዲሱ የአሳ ወጥ ቪዲዮ ላይ ግን በተመሳሳይ መንገድ ጽፌ ምንም የለም። ሰዓቶቹ ተራ ጽሑፍ ሆነው ቀሩ። የድሮዎቹን በላፕቶፕ ነበር የጻፍኳቸው፣ ይሄኛውን በስልክ። ሌላ ልዩነት አላየሁም። ሙሉ ዲስክሪፕሽኑንም ለጥፌላችኋለሁ፣ እዩልኝ።

(ክሩ ስለረዘመ በኋላ ለሚመጡ ሰዎች ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ።)

ምላሽ 1። የመጀመሪያው ሰው የአሳ ወጡ እንዳማረው ጽፎ፣ አሳው ቆሮሶ ነው ወይስ አምባዛ ብሎ ጠየቀ። ዲስክሪፕሽኑ ላይ አንድ ኪሎ አሳ ብቻ ስለሚል መለየት አልቻለም። ቀላል ጥያቄ ይመስላል ግን በኋላ ተመልሶ መጣ።

ምላሽ 2። ሁለተኛዋ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ነው የተረዳችው። ደቂቃና ሰዓት ስል ቪዲዮው የሚለቀቅበትን ሰዓት መስሏት፣ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ሰው እራት በልቶ ስልኩን ሲይዝ መልቀቅ እንደሚሻል፣ የምግብ ቪዲዮ ግን ከእራት በፊት 11 ሰዓት ገደማ ቢሆን የበለጠ እንደሚያዋጣ በሰፊው አብራራች። ለራሷ ቻናል ሠርቶላት ይሆናል። እዚህ የተጠየቀው ግን በቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰዓት ነው።

ምላሽ 3። ከዚያ አንድ ወጣት ገባ። የሱ አቋም ሁሉም ነገር ቁልፍ ቃል ነው የሚል ነው። ግብዓትና ደቂቃ ማንም አያነበውም፣ ከዲስክሪፕሽኑ ግርጌ ሰማንያ መቶ ቃል በነጠላ ሰረዝ እያያዝክ ደርድር ይላል። የምግብ ስም፣ የከተማ ስም፣ የበዓል ስም፣ የታወቁ የምግብ ቻናሎች ስም ሳይቀር። እሱ ለጓደኛው እንዲህ አድርጎለት ቪዲዮው ከፍ ብሏል ነው የሚለው። ከዚያ ሌላ ምን እንደተቀየረ ግን አልነገረንም።

ምላሽ 4። ይሄ ለኔ የክሩ ምርጥ ክፍል ነው። ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት የጻፈችው። ስልኳን ዱቄት ዕቃ ላይ አስደግፋ እያየች ነው የምታበስለው። እጇ በሽንኩርትና በዘይት ስለሚሆን ወደ ኋላ መመለስ አትችልም። ስለዚህ መጀመሪያ የምታደርገው ግብዓቱን በስክሪንሾት ይዞ ወደ ማብሰሉ መሄድ ነው። ዝርዝሩ በአንድ ስክሪን ካላለቀ አንዱ ዕቃ ይረሳል።

ግብዓቱ ድስት ውስጥ በሚገባበት ቅደም ተከተል ቢጻፍ እንደሚሻልም ተናገረች። የኔ ዝርዝር አሳውን አንደኛ አድርጎ፣ ሽንኩርቱን መሃል፣ ዘይቱን መጨረሻ ያስቀምጣል። አሳ ግን መጨረሻ ነው የሚገባው። እሷ ከላይ ወደ ታች እየሄደች አንዱን ስትጨርስ ሌላውን ማየት ነው የምትፈልገው።

ሌላው ያነሳችው የደቂቃ ጉዳይ ነው። ቪዲዮአችን ላይ ሽንኩርቱ የሚበስልበት ክፍል ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ ተቆርጧልና። ወጥ ሠርታ የማታውቅ ጓደኛዋ የቪዲዮውን ሰዓት የማብሰያ ሰዓት አድርጋ ወስዳው ሽንኩርቱ ጥሬ ሳለ በርበሬ ጨመረችበት። ወጡ ውሃና ሽንኩርት ለየብቻ ሆነ። ስለዚህ የቪዲዮው ሰዓት አጠገብ በድስት የሚፈጀውን ደቂቃ ጻፉልን ብላ ለመነች። ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር፤ አሁን ሁሉም ቪዲዮ ላይ እያስገባሁት ነው።

ምላሽ 5። አዳማ የሚኖር፣ ሥራው ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ የሆነ ሰው ነው። በቀጥታ ወደ ምላሽ 3 ሄደ፣ ትንሽም ቆጣ ብሎ። ቃላትን ከዲስክሪፕሽኑ ስር መከመር በዩቲዩብ ደንብ እንደ ስፓም የሚቆጠር ነው አለ። የሌሎች ቻናሎችን ስም መጨመር ደግሞ ተመልካችን ማሳሳት ነው፣ ቪዲዮው ሊነሳ ይችላል። ለታግ የተዘጋጀ የራሱ ሳጥን አለ፣ እሱም በጠቅላላው 500 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው። ዩቲዩብ ራሱ የታግ ድርሻ ትንሽ እንደሆነ፣ በዋናነት የሚጠቅመው ሰዎች አሳስተው ለሚጽፏቸው ቃላት እንደሆነ ይናገራል። ሃሽታግም ቢሆን ከ60 ካለፈ ሁሉንም ትቶ ያልፋቸዋል።

ከዚያ ወደ ጥያቄዬ ተመለሰ። የለጠፍኩትን ጽሑፍ አስፍቶ ሲያየው በሰዓቶቹ መሃል ያሉት ሁለት ነጥቦች የላቲኑ አይደሉም። የስልኬ የአማርኛ ኪቦርድ የኛን ሁለት ነጥብ ነው ያስገባው። `0፡00` እና `0:00` ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ለዩቲዩብ ግን የመጀመሪያው ሰዓት አይደለም። ላፕቶፕ ላይ ቁጥሩን ስጽፍ ወደ እንግሊዝኛ ኪቦርድ ስለምቀይር ነው ያኔ የሠራው። መለያው ቀላል ነው ይላል፤ ቪዲዮው ከተለቀቀ በኋላ ሰዓቱ ሰማያዊ ካልሆነ መጀመሪያ የሚታየው ነጥቡ ነው።

ሰማያዊ ሆኖም ምዕራፍ ላይወጣ ይችላል። ዝርዝሩ የግድ ከ0:00 መጀመር አለበት። ብዙ ሰው መግቢያውን ዘሎ ከ0:15 ይጀምርና ለምን አልወጣም ይላል። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያስፈልጋል፣ በቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱም ምዕራፍ ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም። ጨው መጨመርን ለብቻው የአራት ሰከንድ ምዕራፍ ካደረግከው ዝርዝሩ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል አለ።

ምላሽ 6። ይሄ የኔ ነው። ነጥቦቹን ቀየርኩ፣ ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ። የምላሽ 4ን ሐሳብም ጨምሬ እንዲህ አስተካከልኩት፦

```
0:00 መግቢያ
0:35 አሳውን በሎሚ ማጠብ
2:10 ሽንኩርት (በድስት 20 ደቂቃ)
4:05 በርበሬ (በድስት 15 ደቂቃ)
6:20 አሳ (8 ደቂቃ፣ አይማሰልም)
7:50 ማቅረብ
```

ግብዓቱንም በሚገባበት ቅደም ተከተል ገለበጥኩት። መጀመሪያ አምስት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ ግማሽ የቡና ስኒ ዘይት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ መጨረሻ ላይ አጥንቱ የወጣለት አንድ ኪሎ ቆሮሶ፣ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ መከለሻ። ለማጠቢያ የሚሆን ሎሚ ለብቻው ተጽፏል። የአሳው ዓይነት የገባው ምላሽ 1 ስለጠየቀ ነው።

ምላሽ 7። አዳማ ያሉ እናት ናቸው። ምግብ ማብሰል ላይ ከሁላችንም የሚበልጡ ይመስለኛል። አነጋገራቸው ትሁት ነው፣ ግን ዝርዝሬን አልወደዱትም። 20 ደቂቃ በየትኛው እሳት ነው ብለው ጠየቁ። ከሰል ሌላ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሌላ፣ ሲሊንደር ሌላ። ድስቱ ስስ ከሆነ ሽንኩርቱ በ12 ደቂቃ ያርራል። ስለዚህ ደቂቃው አጠገብ ምልክቱ ይጻፍ ነው የሚሉት። ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ ድስቱ ላይ መያዝ ሲጀምር ዘይት ይገባል። በርበሬው ጥሬ ሽታው ጠፍቶ ዘይቱ ወደ ዳር ሲወጣ በስሏል። አሳው ነጭ ሆኖ በሹካ ሲነኩት ከተፈረከሰ ይወርዳል።

ስለ አሳው ዓይነትም ነገሩን። አምባዛ ሥጋው ወፍራም ስለሆነ ለቆሮሶ የተጻፈው 8 ደቂቃ አይበቃውም። በሌላ በኩል ቆሮሶን በአምባዛ ደቂቃ የሠራ ሰው ወጡን ሲከፍት አሳው ተበታትኖ ያገኘዋል። አለማማሰልና ድስቱን ይዞ ነቅነቅ ማድረግ የተጻፈው ጥሩ ነው ብለው አመስግነውኛል። እርሳቸው ያሉትን ምልክቶች ከምዕራፉ ርዕስ ውስጥ አላስገባሁም፣ ርዕሱ ሲረዝም ስልክ ላይ ይቆረጣል። ከግብዓቱ ቀጥሎ በአጭር አንቀጽ አስቀመጥኳቸው።

ምላሽ 8። የምላሽ 3 ወጣት ተመለሰ። የሌሎችን ስም ስለመደርደር ያለውን ተወ፣ ስለ ቃላት ያለውን ግን አልተወም። አሳን ሰው በስንት መንገድ ይጽፈዋል ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ። አሳ፣ ዓሳ፣ አሣ፣ ዓሣ። ውጭ ያደጉ ልጆች ደግሞ በላቲን `asa wot`፣ `asa wet` ወይም `ethiopian fish stew` ብለው ነው የሚፈልጉት። ርዕሱ ላይ አንዱን ብቻ ነው መጻፍ የሚቻለው፣ ሌላውን የት ላድርገው አለ።

እዚህ ላይ እውነት አለው። ምላሽ 5 ያለውም ከዚህ ጋር አይጣላም፤ ታግ ሳጥኑ የሚጠቅመው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ምላሽ 9። የአዳማው ኤዲተር በዚህ ተስማማ፣ አንድ ነገር ግን ጨመረ። ሰዎች በየትኛው ፊደል እንደሚፈልጉ መገመት አያስፈልግም፣ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ገብቶ ተመልካች ከየት እንደመጣ በሚያሳየው ክፍል ላይ የዩቲዩብ ፍለጋን ሲነኩት ሰዎች የጻፏቸው ቃላት ይዘረዘራሉ። ብዙ የተፈለገው ቃል ርዕሱ ላይ ይግባ፣ የቀሩት ታግ ላይ። የእንግሊዝኛውን ደግሞ ከአማርኛው ጋር አንድ ላይ ማደባለቅ አያስፈልግም ይላል። የቪዲዮውን ቋንቋ አማርኛ ብለህ ከመረጥክ በኋላ የእንግሊዝኛ ርዕስና ዲስክሪፕሽን ለብቻ መጨመር ይቻላል፣ ስልኩ በእንግሊዝኛ ለሆነ ሰው የሚታየው እሱ ነው።

ምላሽ 10። አንድ መምህር ናቸው፣ እንደተቆጡ ያስታውቃል። ትክክለኛው ዓሣ ነው፣ ሌላው ስህተት ነው፣ ለተመልካች ብላችሁ ቋንቋውን አታበላሹ የሚል ረጅም ምላሽ ጻፉ። በተሳሳተ ፊደል ርዕስ ያለው ቪዲዮ ልጆቻቸው እንዲያዩ እንደማይፈልጉም ተናገሩ።

ምላሽ 11። የምላሽ 8 ወጣት ለመምህሩ በቁጣ መለሰ። ሰው በአሳ ከፈለገ በአሳ ነው የሚገኘው፣ ፊደል ማረም ከፈለጉ የራሳቸውን ቻናል ይክፈቱ አለ። አነጋገሩ ከልኩ ያለፈ ነበር። እኔ ሁለቱንም ይዤያለሁ። ርዕሱ አሳ ይላል፣ ዲስክሪፕሽኑ ውስጥ የግብዓት ዝርዝሩ ዓሣ ይላል። መምህሩ በዚህ አልተስማሙም።

ምላሽ 12። ከዚህ በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አንዲት እህት ከቁልፍ ቃሎቼ መሃል የጾም ምግብ የሚለውን አይታ አዘነች። አሳ የጾም ነው ያለህ ማነው ብላ ጠየቀች። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አሳ በጾም አይበላም፣ ሰው ስለበላው የጾም አይሆንም፣ የጾም ምግብ ብሎ የፈለገ ምእመን አሳ ሊቀርብለት አይገባም አለች።

ምላሽ 13 እና 14። አንዱ እኛ ቤት ሁልጊዜ በአቢይ ጾም አሳ ይበላል፣ የወጡ ቅባትም ዘይት ነው፣ ምን ችግር አለው አለ። ሌላው እንዲህ ያለውን ሰው በስም ክርስቲያን ብሎ ሰደበው። የመድረኩ አስተዳዳሪ ገብቶ ስለ ሃይማኖት ሥርዓት የሚደረገው ክርክር እዚህ እንዲያበቃ ጠየቀ።

እኔ ቃሉን አነሳሁት። ማን ትክክል ነው የሚለውን ለመፍረድ አይደለም። የጾም ምግብ ብሎ የጻፈ ሰው ሽሮና ምስር እየጠበቀ ከሆነና አሳ ካየ ወዲያው ይወጣል። በምትኩ ቅቤ የሌለው፣ በዘይት የተሠራ ብዬ ጻፍኩ። ይሄ ለማንም እውነት ነው፣ የሚጾመውም የራሱን ይወስናል። ምላሽ 13 ግን ፈርተህ ነው ያነሳኸው ብሎኛል፣ የሚያገኘኝን ተመልካችም ትቻለሁ ባይ ነው። ምናልባት የተወሰነ እውነት አለው።

ምላሽ 15። የጂዳዋ እህት ሌላ ነገር ይዛ ተመለሰች። የምላሽ 7ን ምልክት ትታ በደቂቃው ብቻ ስትሠራ ከእኛ ቀድሞ የሚበስልባት ነገር እንዳለ አስተዋለች። ባቄላና ሽንብራ በተለይ። በርበሬው ነው ወይስ ውሃው ብላ ጠየቀች።

ምላሽ 16። አንዱ ቀድሞ ገብቶ የዚያ አገር ጋዝ ኃይለኛ ስለሆነ ነው አለ። ትንሽ ሊሆን ይችላል። የአዳማዋ እናት ግን የልጃቸውን ማብራሪያ ይዘው መጡ። ሀዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ጂዳ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት፣ እዚያ በ100 ነው የሚፈላው። እሳቱን ብንጨምርም ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ከመፍያው በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ረጅም ጊዜ በውሃ የሚቀቀል ነገር እዚህ ይዘገያል፣ እዚያ ይፈጥናል። ለ8 ደቂቃ አሳ ልዩነቱ አይታወቅም፣ ለባቄላ ግን ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ በሚቀቀሉ ነገሮች ቪዲዮ ላይ ደቂቃው የሀዋሳ መሆኑን አንድ መስመር እጨምራለሁ። አገር ውስጥ ላለው ተመልካች የማያስፈልግ ጽሑፍ ነው የሚል ሰው ነበር፤ እኔ ግን ኮመንት የሚጽፉልን አብዛኞቹ ውጭ ስለሆኑ አልተውኩትም።

ምላሽ 17። አዲስ ሰው ነው፣ ነገሩን በአጭሩ ተናግሮ ሄደ። ዲስክሪፕሽኑ 5,000 ፊደል ይይዛል፣ ሰው ሳይነካው የሚያየው ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት መስመሮች ነው። የኔ መጀመሪያ ላይ እንደምን ሰነበታችሁ ውድ ቤተሰቦቼ ይላል፣ ከዚያ ሰብስክራይብ፣ ከዚያ የቴሌግራም ሊንክ። የአሳ ወጥ የሚለው ቃል ተደብቋል። ሰላምታውን እህቴ በቪዲዮው ስለምትናገረው ከጽሑፉ አወረድኩት። አሁን የመጀመሪያው መስመር የሀዋሳ ቆሮሶ አሳ ወጥ በዘይት፣ ለአምስት ሰው፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይላል። ግብዓቱ ወዲያው ይከተላል፣ ሊንኩ መጨረሻ ነው።

ምላሽ 18 እስከ 21። ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ አሳ ግዢ ሄደ። አንዱ አሞራ ገደል በጠዋት ካልሄዳችሁ ትኩስ አታገኙም አለ። የአዳማው ኤዲተር እነሱ ጋ የሚደርሰው የባቱ አሳ እንደሆነ፣ በበረዶ ስለሚመጣ ውሃ እንደሚይዝ፣ ወጡም እንደሚቀጥንበት ነገረን። ለሱ ዓይነቱ አሳ ሳይጨመር በፊት በንጹሕ ጨርቅ ቢደረቅ ጥሩ ነው ተባለ። ይሄን ከግብዓቱ ስር በአንድ አረፍተ ነገር አስገባሁት። የዋጋ ክርክሩን አልደግመውም።

ምላሽ 22። የመጨረሻው ጥያቄ የምላሽ 2 እህት ነበረች። እሷም የድሮ ቪዲዮዎቿ ሰዓቶች ሰማያዊ እንዳልሆኑ አሁን አየች። ዲስክሪፕሽኑን ብቀይረው ያገኘሁት እይታ ይጠፋል ወይ ብላ ጠየቀች። ኤዲተሩ አይጠፋም፣ ሊንኩም አይቀየርም፣ ጽሑፉን በፈለጉት ጊዜ ማስተካከል ይቻላል ብሎ መለሰላት። ርዕስን በአንድ ጊዜ በሁሉም ቪዲዮ ላይ መቀየር ግን አልመከራትም። አንዱን ቀይሮ በፍለጋ ዝርዝሩ ላይ የሚመጣውን ለውጥ ማየት፣ ከዚያ ወደ ሌላው መሄድ። እሷም ከዶሮ ወጡ እንደምትጀምር ጻፈች።